ቂብላን በጥላ ማግኘት፦ ከዋሽንግተን ወደ ከዕባ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ።

አዲስ አበባ ሳለሁ ቂብላ ችግር ሆኖብኝ አያውቅም። መካ ከእኛ በስተሰሜን ነው፣ ትንሽ ብቻ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ዋሽንግተን አካባቢ ስመጣ ግን የግድግዳ ካርታ አይቼ ከምሥራቅ ጥቂት ወደ ደቡብ ዞሬ መስገድ ጀመርኩ። መካ ከዚህ በስተደቡብ መሆኗን ካርታው ራሱ ያሳያላ! በመጀመሪያው ጁምዓ መስጂድ ስገባ ሰፉ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተሰልፎ አገኘሁት። እውነቱን ለመናገር፣ የተሳሳቱት እነሱ መሰሉኝ።

በ1957 የተከፈተው የዋሽንግተን እስላማዊ ማዕከል መስጂድም የሚያየው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ምክንያቱ የምድር ክብነት ነው። በሉል ላይ ከዋሽንግተን እስከ መካ ክር ወጥራችሁ ብትይዙ፣ ክሩ መጀመሪያ ወደ ካናዳ ዳርቻ ይወጣል፣ አትላንቲክን ካቋረጠ በኋላ ወደ ደቡብ ይወርዳል። መነሻው ላይ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 56 ዲግሪ ገደማ ነው። እኔ 45 ዲግሪ ያህል ስቼ ነበር።

ኮምፓስም ያሳስታል። ዋሽንግተን አካባቢ መርፌው ከእውነተኛው ሰሜን 11 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ስለሚያዘነብል፣ በመርፌው ከሄዳችሁ የምትፈልጉት 67 ነው። በአይፎን ኮምፓስ Use True North የሚለውን ካበራችሁት ግን 56 ይበቃል። ስልኩን ከብረት አልጋና ከማሞቂያ አርቁት።

እኔን ያሳረፈኝ ጥላው ነው። በየዓመቱ ኖቬምበር 28 ከሰዓት በኋላ 4:09 ላይ (በእኛ 10:09) ፀሐይ ከመካ ፍጹም ተቃራኒ በሆነው የምድር ገጽ አናት ላይ ትውላለች። በዚያች ደቂቃ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላው ወደ ቂብላ ይዘረጋል። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስለተቃረበች ሕንፃ የማይጋርደው ሜዳ ያስፈልጋል። ደመና ከሆነ በማግስቱም ይሠራል፣ ልዩነቱ ኢምንት ነው።

ጎረቤቴ ኦርቶዶክስ ናት፣ ለጸሎት ወደ ምሥራቅ ትቆማለች፤ የትም አገር ብትሄድ የፀሐይ መውጫ አይጠፋትም። የእኛ ግን አቅጣጫ ሳይሆን ቦታ ነው፤ ስለዚህ በየከተማው ይለያያል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ከገቡ በኋላ 16 ወይም 17 ወር ወደ በይተል መቅዲስ ሰግደዋል። ከዚያ በሱረቱል በቀራ 144 ወደ መስጂደል ሐራም እንዲዞሩ፣ የትም ቢሆኑ ፊታቸውን ወደዚያው እንዲያደርጉ ታዘዙ። ወሬው ቁባእ ሲደርስ ሰዎቹ ሱብሒ እየሰገዱ ነበር፤ ሶላታቸውን ሳያቋርጡ፣ የሰገዱትንም ሳይደግሙ እዚያው ዞሩ።

ያለፉትን ሶላቶቼን ለኡስታዛችን ጠየቅኩ። ብዙ ዑለማዎች አቅሙን አሟጦ አጣርቶ የሳተ ሰው አይደግምም ይላሉ፣ ሻፊዒዮች ግን ስህተቱ በእርግጠኝነት ከታወቀ ይደግማል ይላሉ አለኝ። ቀጥሎ «ለመሆኑ አጣርተህ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። የግድግዳ ካርታ ማየት ማጣራት ይባላል ብዬ ለመከራከር አፈርኩ። ደገምኳቸው።