የደመወዝ እስኬል፦ በኅብረት ድርድርና በግል ድርድር መካከል

የኅብረት ድርድር ሠራተኛ ማኅበር አባላቱን ወክሎ ከአሠሪ ወይም ከአሠሪዎች ማኅበር ጋር ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ የሚያደርገው ድርድር ነው። ውጤቱ የኅብረት ስምምነት ይባላል፤ ለተወሰነ ዘመን ጸንቶ ሁለቱንም ወገኖች ያስገድዳል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1949 ያጸደቀው ቁጥር 98 ኮንቬንሽን የመደራጀትና በኅብረት የመደራደር መብትን የሚመለከት ነው። ከስምምነቱ ገጾች ሁሉ ሠራተኛው መጀመሪያ ገልጦ የሚያየው ግን የደመወዝ እስኬሉን ነው።

እስኬሉ ሠንጠረዥ ነው። ወደ ታች የሥራ ደረጃዎች፣ ወደ ጎን እርከኖች ይደረደራሉ። ደረጃው የሚወሰነው በሥራው ክብደት ሲሆን እርከኑ አብዛኛውን ጊዜ በአገልግሎት ዘመን ነው። አንድ ደረጃ ከ10,000 ተነስቶ በየእርከኑ 400 እየጨመረ በአምስተኛው እርከን 11,600 ላይ ጣሪያውን ይነካል እንበል። ማኅበሩ ለዘንድሮ የ3 በመቶ አጠቃላይ ጭማሪ ቢያስገኝ ከፍ የሚለው ሠንጠረዡ ራሱ ነው። በሁለተኛው እርከን 10,400 ታገኝ የነበረች ሠራተኛ የዓመቱ የእርከን ጭማሪ ሲደርሳት ወደ 10,800 ትሻገራለች፤ ይህም በ3 በመቶ አድጎ 11,124 ይሆንላታል። በአጠቃላይ ሰባት በመቶ ገደማ አገኘች ማለት ነው። ጣሪያው ላይ የቆመው ባልደረባዋ ግን የሚሻገርበት እርከን ስለሌለው 3 በመቶው ብቻ ይደርሰዋል። «ማኅበሩ ለአዲሶቹ አደላ» የሚለው የነባሮች ቅሬታ ብዙውን ጊዜ መነሻው ይኸው ነው።

ጭማሪው በመቶኛ ይሁን ወይስ ለሁሉም እኩል በሆነ ገንዘብ የሚለው ጥያቄ ደግሞ የማኅበሩን አባላት እርስ በርስ ያከራክራል። 3 በመቶ 10,000 ለሚከፈለው 300፣ 30,000 ለሚከፈለው 900 ነው። ለሁሉም 500 ቢጨመር ለመጀመሪያው 5 በመቶ ሲሆን ለሁለተኛው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። እኩል ገንዘብ የመጨመሩ ልማድ ለዓመታት ከቀጠለ የላይኞቹ ደረጃዎች ብልጫ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ባለሙያዎችም ከማኅበሩ መሸሽ ይጀምራሉ።

በግል ድርድር ሠንጠረዥ የለም፤ ቢኖርም አሠሪው በጓዳው የሚያየው ነው። ዋናው ፍልሚያ የቅጥር ዕለት ያልቃል። አንዱ 10,000፣ ሌላው 11,000 ተስማምተው ቢገቡና ሁለቱም በየዓመቱ 4 በመቶ ቢጨመርላቸው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ልዩነታቸው ከ1,000 ወደ 1,480 ገደማ ያድጋል። በመካከሉ ማንም ማንንም አልበደለም፤ የመጀመሪያው ቀን ንግግር ብቻውን በቂ ነበር። ባልደረባው ስንት እንደሚያገኝ የማያውቅ ሰው ደግሞ ጉድለቱን የሚለካበት ነገር የለውም።

ሁለቱን ሥርዓቶች ጎን ለጎን ለማየት የአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት ጥሩ ማሳያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው «አክት 10» የተባለው ሕግ የመምህራን ማኅበራትን የመደራደር ሥልጣን በእጅጉ አጠበበ። ነባሮቹ ስምምነቶች ዘመናቸው ሲያበቃ የትምህርት አስተዳደሮች ልምድንና የትምህርት ደረጃን ብቻ ከሚቆጥረው እስኬል ወጥተው ለእያንዳንዱ መምህር በተናጠል መክፈል ቻሉ። ባርባራ ቢያሲ የተባሉት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ባደረጉት ጥናት፣ ተማሪዎቻቸውን ከሌሎች የበለጠ የሚያሻሽሉ መምህራን በተናጠል ወደሚከፍሉት አካባቢዎች ተሳቡ። እርሳቸውና ኸዘር ሳርሰንስ በጋራ ባደረጉት ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ተመሳሳይ ልምድና የትምህርት ማስረጃ ባላቸው ወንዶችና ሴቶች መካከል የደመወዝ ልዩነት ብቅ አለ፤ በወጣት መምህራን ዘንድ ሰፋ ይላል፤ አለቃዋ ሴት በሆነችበት ቦታ ግን አይታይም። ስለ እስኬል የሚከራከሩ ሰዎች ከሁለቱ ግኝቶች የሚጠቅማቸውን ብቻ መጥቀስ ይወዳሉ፤ ሁለቱም ግን ከአንድ ሕግ የመነጩ ናቸው።

እስኬል ባለበትም ቢሆን የግል ድርድር ጨርሶ አይሞትም። አንዳንድ ስምምነቶች ወለሉን ብቻ አስቀምጠው ከዚያ በላይ ያለውን ለግለሰቡ ይተዋሉ፤ የአሜሪካ የፊልም ተዋንያን ማኅበር ስምምነት እንዲህ ነው፤ ዝነኛው ተዋናይ የሚደራደረው ከዝቅተኛው ክፍያ በላይ ስላለው ነው። መጠኑ በተቆረጠበት እስኬል ደግሞ ድርድሩ ወደ ሌላ በር ይዞራል፦ ሥራው በየትኛው ደረጃ ይመደብ? የቀድሞ ልምድ ስንት ዓመት ተብሎ ይያዝ? እስኬሉ ተፈላጊውን ባለሙያ ለመሳብ ሲያንስ የሥራ መደቡን መጠሪያ ማሳደግ ወይም አዲሱን ሰው ከሦስተኛው እርከን ማስጀመር የተለመደ መውጫ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው የማኅበር ተደራዳሪዎች ከጭማሪው መጠን ባልተናነሰ ለአመዳደብ አንቀጹ ይጨነቃሉ፤ ከሌላ ድርጅት የመጣ አገልግሎት በምን ስሌት እንደሚያዝና ቅሬታ ያለው ሠራተኛ በስንት ቀን ውስጥ ለማን እንደሚያቀርብ በግልጽ እንዲጻፍ ያደርጋሉ። በአንድ ደረጃና በእኩል የአገልግሎት ዘመን ያሉ ሁለት ሠራተኞች የተለያየ እርከን ላይ ከተገኙ መጀመሪያ መመርመር ያለበት የቅጥር ደብዳቤያቸው ነው።