ኦቨርሳምፕሊንግ ምንድን ነው? በሚዋዥቅ ሪፈረንስ ጥቃቅን የሙቀት ለውጦችን ማንበብ

ኦቨርሳምፕሊንግ ማለት ቀስ ብሎ የሚለወጥን አንድ መጠን ከሚያስፈልገው በላይ ደጋግሞ ለክቶ የንባቦቹን አማካይ መውሰድ ሲሆን፣ ዓላማውም መለኪያው በአንድ ንባብ ሊለየው የማይችለውን ትንሽ ለውጥ ማየት ነው። ዘዴው የሚሠራው ግን ንባቡ በተወሰነ መጠን ሲዋዥቅ ብቻ ነው፤ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ንባብ ሺህ ጊዜ ቢደጋገም አማካዩ ያው አንዱ ቁጥር ነው።

ጉዳዩ የገጠመን ኮምቦልቻ ላይ ለአንድ ዶሮ አርቢ የጫጩት ማስፈልፈያ ሣጥን ስንሠራ ነው። እንቁላሉ ለ21 ቀናት ያህል 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መቆየት አለበት፤ የግማሽ ዲግሪ ስሕተትም ለቀናት ከዘለቀ የሚፈለፈለውን ቁጥር ይቀንሳል። የተጠቀምነው አርዱይኖ ኡኖ የተባለውን በፕሮግራም የሚሠራ ትንሽ ቦርድ ከኤልኤም35 የሙቀት ሴንሰር ጋር ነበር። ሴንሰሩ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ሚሊቮልት ስለሚሰጥ፣ በ37.5 ዲግሪ 375 ሚሊቮልት ያወጣል። የአርዱይኖው ኤዲሲ፣ ማለትም ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል፣ ደግሞ ይህን ቮልቴጅ ከሪፈረንሱ፣ ማለትም ከማነጻጸሪያው 5 ቮልት ጋር አወዳድሮ በ1024 እርከኖች ይከፍለዋል። አንዱ እርከን 4.88 ሚሊቮልት፣ ወደ ሙቀት ሲመለስም 0.49 ዲግሪ ይሆናል። እንግዲህ ሣጥኑ ከ37.4 ወደ 37.7 ቢሞቅ አንድ ነጠላ ንባብ ላያሳየው ይችላል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ቦርዱ በውስጡ ያለውን የ1.1 ቮልት ሪፈረንስ ለምን አንጠቀምም? እርከኑ ወደ 0.11 ዲግሪ ስለሚወርድ፣ ሌላ ሴንሰር ለሌለው ሰው ከሁሉ የተሻለው መፍትሔ ይኸው ነው፤ ቀሪውን ባያነብም ብዙ አይጎዳም። የእኛ ሣጥን ግን እስከ 4 ቮልት የሚያወጣ የእርጥበት ሴንሰርም ስለነበረው 5 ቮልቱን መተው አልቻልንም።

የ5 ቮልቱ ምንጭ ተራ የስልክ ቻርጀር ስለሆነ ቮልቴጁ ይዋዥቃል። የመዋዠቁ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን 20 ሚሊቮልት፣ ማለትም 0.4 በመቶ ነው እንበል። በ37.5 ዲግሪ ትክክለኛው የኤዲሲ ዋጋ 76.8 ነው፤ ኤዲሲው ግን ክፍልፋይ ስለማያውቅ ወደሚቀርበው ሙሉ ቁጥር፣ ወደ 77፣ ያጠጋጋዋል። ሪፈረንሱ ጸጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ንባብ 77 ይሆን ነበር። ከ76.8 ላይ 0.4 በመቶው ወደ 0.3 እርከን ስለሚጠጋ ግን፣ ከ256 ንባቦች 215 ያህሉ 77፣ 41 ያህሉ ደግሞ 76 ይሆናሉ። አማካዩ 76.84፣ በሙቀት 37.52 ዲግሪ ነው። ክፍልፋዩን የነገረን ንባቡ ከ76 እና ከ77 በየትኛው ላይ ምን ያህል ጊዜ ማረፉ ነው። የዘፈቀደ መዋዠቅ በአማካይ የሚቀንሰው በንባቦቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ልክ በመሆኑ፣ አንድ ተጨማሪ ቢት ለማግኘት፣ ማለትም እርከኑን በግማሽ ለማሳነስ፣ ንባቡን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ 256 ንባብም አራት ቢት ይጨምራል።

ይሁንና ከሪፈረንስ የሚመጣ መዋዠቅ ከሌላው ኖይዝ የሚለይበት፣ ብዙ ሰውም ልብ የማይለው ጠባይ አለው። ኤዲሲው የሚሰጠው ቁጥር የግብዓቱና የሪፈረንሱ ንጽጽር ስለሆነ፣ የሪፈረንሱ መዋዠቅ በንባቡ ላይ የሚታየው በግብዓቱ ትልቅነት መጠን ነው። ይህንን የተረዳነው ያንኑ ቦርድ ወደ ደሴ ወስደን የውጭውን የሌሊት ብርድ ለመመዝገብ ስንሞክር ነበር። 8 ዲግሪ አካባቢ የኤዲሲው ዋጋ 16 ገደማ ስለሆነ፣ ያው 0.4 በመቶ ከ0.07 እርከን አይበልጥም። ሙቀቱ በ7.7 እና በ7.9 መካከል ሲለዋወጥ ንባቡ ሁሉ ከሞላ ጎደል 16 ነው፤ አማካዩም 7.81 ላይ ተቸንክሮ ይቆያል። በሣጥኑ ውስጥ ለስላሳ የነበረው መስመር ደሴ ላይ ደረጃ ሠርቶ ታየን። መጀመሪያ ሴንሰሩ የተበላሸ መስሎን ነበር። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ግብዓት ወይ ሲግናሉን በአምፕሊፋየር ማሳደግ፣ ወይም በግብዓቱ ላይ ሆን ተብሎ አንድ ሁለት እርከን የሚያህል መዋዠቅ መጨመር ያስፈልጋል።

ለማረጋገጥ ቀላሉ መንገድ ከአማካዩ በፊት ጥሬዎቹን ቁጥሮች በስክሪን ማውጣት ነው። መቶ ንባብ ሁሉ አንድ ቁጥር ከሆነ አማካይ መውሰድ ከንቱ ድካም ነው። ሁለት ወይም ሦስት ተከታታይ ቁጥሮች እየተፈራረቁ ከታዩ ግን ዘዴው ይሠራል።

ሁለተኛው ችግር የሚመጣው ሪፈረንሱ ከመዋዠቅ አልፎ ሲንሸራተት ነው። በቦርዱ ትእዛዝ የሚሠራው ማብሪያ፣ ሪሌው፣ የማሞቂያውን አምፖል ሲያበራ ሪሌውና ማራገቢያው በቀጭኑ የቻርጀር ገመድ በሚስቡት ኤሌክትሪክ ምክንያት 5 ቮልቱ ወደ 4.9 ይወርዳል። ፕሮግራሙ አሁንም 5 ቮልት ነው ብሎ ስለሚያሰላ 37.5ን 38.3 ብሎ ያነባል፤ ስለዚህ ማሞቂያውን ያለ ጊዜው ያጠፋል። ማሞቂያው በበራ ቁጥር የሚደጋገም ስሕተት በመሆኑ ምንም ያህል ንባብ ቢደመር አይጠፋም፤ አማካይ የሚያጠፋው ወዲያና ወዲህ የሚልን ነገር እንጂ ወደ አንድ ወገን ያጋደለን አይደለም።

መፍትሔው ያ ያልተጠቀምንበት የ1.1 ቮልት ምንጭ ነው። የኡኖው ቺፕ ይህን ቮልቴጅ እንደ ግብዓት አድርጎ በ5 ቮልቱ መለካት ይችላል፤ ዋጋውም 225 አካባቢ ይሆናል። የሴንሰሩን 256 ንባቦች ደምረን፣ የ1.1 ቮልቱን 256 ንባቦችም ወዲያው ደምረን አንዱን ለሌላው ስናካፍል 5 ቮልቱ ከስሌቱ ይወጣል፦

```
T = 110.0 * sumLM35 / sumBandgap;
```

በዚህ አኳኋን የሪፈረንሱ ፈጣን መዋዠቅ ንባቦቹን ከእርከን እርከን እያንቀሳቀሰ ያገለግለናል፤ ቀርፋፋው መንሸራተት ደግሞ በማካፈሉ ይሰረዛል። ሁለቱ ድምሮች በጊዜ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው፤ ኤዲሲው ወደ 1.1 ቮልቱ ሲዞርም ቮልቴጁ እስኪረጋ ጥቂት ሚሊሰከንድ ጠብቆ የመጀመሪያዎቹን ንባቦች መጣል ያስፈልጋል።

የንባቦቹ ርቀትም በዘፈቀደ አይመረጥም። ከመብራት ኃይል መስመር የሚገባው የ50 ኸርዝ ሁከት በየ20 ሚሊሰከንዱ ስለሚደጋገም፣ በየ20 ሚሊሰከንዱ የሚያነብ ፕሮግራም ሁልጊዜ የሞገዱን አንድ ቦታ ስለሚያገኝ ሁከቱ እንደ ቋሚ ስሕተት ይቀመጥበታል። እኛ በየ5 ሚሊሰከንዱ አነበብን፤ 256 ንባብ 1.28 ሰከንድ ይፈጃል፣ ይህም በትክክል 64 ዙር ነው። የሣጥኑ ሙቀት በዚያች ሰከንድ ውስጥ የሚለወጠው እጅግ ጥቂት ስለሆነ መዘግየቱ አይጎዳም።

ረቂቅ ንባብ ግን ትክክለኛ ንባብ ማለት አይደለም። ኤልኤም35 ራሱ ግማሽ ዲግሪ ያህል ሊሳሳት ይችላል፤ 1.1 ቮልት የሚባለውም ከቺፕ ቺፕ ከ1.0 እስከ 1.2 ይለያያል፣ ይህም ብቻውን ከሦስት ዲግሪ በላይ ስሕተት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የሰውነት ሙቀት መለኪያ ቴርሞሜትር ከሴንሰሩ ጎን አስቀምጠን፣ ሣጥኑ 37.5 ላይ ሲረጋ በቀመሩ ውስጥ ያለውን 110.0 ሁለቱ ንባቦች እስኪገጥሙ ድረስ አስተካከልነው። በእኛ ቦርድ 107.6 ሆነ፤ በሌላ ቦርድ ሌላ ይሆናል።