የሥራ ማስታወቂያ ሲነበብ፦ ግዴታውን ከምኞቱ ለመለየት የሚያስቸግሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ከተዘረዘሩት መስፈርቶች አንዱን እንኳ ካላሟላሁ ማመልከቱ ትርፉ ድካም ነው።»

ይህ አባባል ለአንዳንዱ ማስታወቂያ ይሠራል፤ ለሌላው አይሠራም። ልዩነቱን የሚፈጥረው መስፈርቱን ያወጣው ማን እንደሆነ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተፈላጊ ችሎታው ለሥራ መደቡ አስቀድሞ ተወስኖ የተቀመጠ በመሆኑ፣ አመልካቾችን የሚመዘግበው ባለሙያ የተጻፈውን የመቀነስም ሆነ የመጨመር ሥልጣን የለውም። በግል ድርጅት ግን ዝርዝሩን ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው ሠራተኛ የጎደለበት የክፍል ኃላፊ ነው። እርሱም ለቅቆ የሄደውን ሠራተኛ ችሎታ፣ ባለፈው ጊዜ የወጣውን ማስታወቂያ ግልባጭና የራሱን ምኞት አንድ ላይ አድርጎ ለሰው ሀብት ክፍል ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ማበጠር የሚቻለው መስፈርቱን ለብቻው ሳይሆን ከሥራው ዝርዝር ተግባር ጋር አስተያይቶ በማንበብ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የፕላስቲክ ውጤቶች ፋብሪካ ከፍተኛ የሂሳብ ባለሙያ ይፈልጋል እንበል። በመስፈርቱ ሥር በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ 4 ዓመት የሥራ ልምድና ከዚህም ውስጥ 2 ዓመቱ በፋብሪካ የተሠራ፣ ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ሶፍትዌር የመሥራት ችሎታ፣ የድርጅቱን ልዩ ልዩ ሥራዎች በአንድ ሥርዓት የሚያገናኘው የኢአርፒ ሶፍትዌር ዕውቀት፣ የዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች ዕውቀት፣ እንዲሁም መንጃ ፈቃድ ተዘርዝረዋል። በተግባርና ኃላፊነት ሥር ደግሞ ባለሙያው የጥሬ ዕቃ፣ በምርት ሂደት ላይ ያለና የተጠናቀቀ ምርት ወጪ እንደሚያሰላ፣ የዕለት ሂሳብ በፒችትሪ እንደሚመዘግብ፣ የባንክ ሂሳብ በየወሩ እንደሚያስታርቅ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የሠራተኞች የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ እንደሚያሳውቅ፣ ለውጭ ኦዲተርም ሰነድ እንደሚያዘጋጅ ተጽፏል።

አሁን እያንዳንዱን መስፈርት ይዞ «ይህ ችሎታ በየትኛው ተግባር ላይ ይውላል?» ብሎ መጠየቅ ነው። የፋብሪካ ልምዱ በመስፈርቱ ውስጥ የተጠቀሰው እንደ ጭማሪ ቢመስልም ከተግባሮቹ ሁሉ ፊት የተቀመጠው የምርት ወጪ ስሌት በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው። በንግድ ሱቅ ወይም በአገልግሎት ድርጅት የሠራ ሰው በግማሽ የተመረተን ዕቃ ዋጋ ማውጣት ላይለምድ ይችላልና ይህ እውነተኛ ግዴታ ነው። ፒችትሪም በተግባሩ ውስጥ በስሙ ስለተጠራ ግዴታ ነው። ኢአርፒ ግን ከመስፈርቱ ውጭ የትም አይገኝም። ድርጅቱ ዛሬ የሚሠራው በፒችትሪ ሆኖ ሳለ ኢአርፒ መጠየቁ ወደፊት ሥርዓቱን ለመለወጥ ማሰቡን ሊያመለክት ይችላል፤ ይህም በቃለ መጠይቅ ቢጠየቅ የሚያስመሰግን ጥያቄ እንጂ ከማመልከት የሚያስቀር ምክንያት አይደለም። መንጃ ፈቃዱም ተግባሩ ውስጥ ጉዞ ስለሌለ ምኞት ነው።

የሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎቹ ነገር ትንሽ ይለያል። በቃል ከተግባሩ ውስጥ ባይገኙም «ለውጭ ኦዲተር ሰነድ ያዘጋጃል» በሚለው ሐረግ ውስጥ አሉ፤ ምክንያቱም የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ድርጅቶች በእነዚህ ደረጃዎች መሠረት ሪፖርት እንዲያዘጋጁ የሚያስገድድ ነው። ስለዚህ ተግባሩን ማንበብ ማለት ቃል ከቃል ማመሳከር ብቻ አይደለም፤ ሥራው በውስጡ ምን እንደሚጠይቅ ማወቅም ያስፈልጋል። ሙያውን የማያውቅ ሰው እዚህ ላይ ሊሳሳት ስለሚችል በመስኩ ያለ ሰው ቢጠይቅ ይሻለዋል።

በዚህ ሚዛን ሁለት አመልካቾችን እንመልከት። አንዷ በዘርፉ ዲግሪ ያላት፣ 3 ዓመት ከ5 ወር የሠራች፣ ከዚህም ሁለት ዓመቱን በውኃ ማሸጊያ ፋብሪካ ያሳለፈች፣ ፒችትሪንና የወር ግብር ማሳወቅን የለመደች ናት፤ ኢአርፒም መንጃ ፈቃድም የላትም፤ ከአራቱ ዓመትም ወራት ይጎድላታል። ሌላው በዘርፉ ዲግሪ ያለው፣ 6 ዓመት በባንክ ቅርንጫፍ የሠራ፣ በኢአርፒ የሚሠራና መንጃ ፈቃድ ያለው ነው። የተሟሉ መስመሮች ቢቆጠሩ ሁለተኛው ይበልጣል። ሥራውን ነገ ጠዋት ልትጀምር የምትችለው ግን የመጀመሪያዋ ናት። «ከመቶ ስድሳውን ካሟላህ አመልክት» የሚለው በሰፊው የሚነገር ምክር የሚሳሳተውም መስመሮቹን ሁሉ እኩል አድርጎ ስለሚቆጥር ነው። የመጀመሪያዋ ማመልከት አለባት፤ በማመልከቻ ደብዳቤዋም የወራቱን ጉድለት እያስተባበለች ቦታ ከምታባክን የፋብሪካ ወጪ ስሌት ልምዷን በመጀመሪያው አንቀጽ ብታሰፍር ይበጃታል።

«ማስተርስ/ዲግሪ ስለሚል ሁለተኛ ዲግሪ የሌለኝን ሰው አይመለከትም።»

በአገራችን ማስታወቂያዎች «ሁለተኛ ዲግሪ/የመጀመሪያ ዲግሪ» ተብሎ በልምድ ዓምዱ «4/6 ዓመት» ሲጻፍ የሚነበበው በቅደም ተከተል ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው 4 ዓመት፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ደግሞ 6 ዓመት ልምድ ያቀርባል ማለት ነው። ሁለቱንም በአንድነት የሚጠይቅ አይደለም።

«‘ይመረጣል’ የተባለው ለይስሙላ የተጻፈ ስለሆነ ልተወው እችላለሁ።»

ለማመልከት ብቻ ከሆነ እውነት ነው፤ ለመመረጥ ከሆነ ግን እንደ አመልካቹ ብዛት ይወሰናል። «ቢኖረው ይመረጣል» ወይም «ተጨማሪ ነጥብ ያስገኛል» የተባለ መስፈርት ባለመሟላቱ ብቻ ምዝገባ አይከለከልም። ነገር ግን ለአንድ የሥራ ቦታ በርካታ ሰው አመልክቶ ዝቅተኛውን መስፈርት ብዙዎች ካሟሉ፣ ለፈተና የሚጠሩትን ለመቀነስ መራጩ መጀመሪያ የሚያነሣው መለያ ያ «ይመረጣል» የተባለው ነው። አዲስ ተመራቂ በሚፈልግ፣ ሥራው በአዲስ አበባ በሆነና የሚፈለገው ትምህርት በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሚሰጥ መደብ ላይ ምርጫው ወደ ግዴታ ይጠጋል። በአንጻሩ ልዩ ማሽን ለሚጠግን ባለሙያ ወይም በሩቅ ወረዳ ለሚመደብ ነርስ የሚወጣ ማስታወቂያ ላይ አመልካች ስለሚያንስ ያው ቃል እምብዛም አያስፈራም። ይኸው ማስታወቂያ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ከወጣ ደግሞ በመጀመሪያው ዙር የሚፈለገው ሰው ሳይገኝ የቀረ ሊሆን ይችላልና ሁለቱን አስተያይቶ የተቀነሰ መስፈርት መኖሩን ማየት ይጠቅማል።

የመንግሥታዊ ያልሆኑና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ማስታወቂያ በዚህ ረገድ ለአንባቢ ይቀላል፤ ግዴታውንና ተመራጩን ብዙ ጊዜ በተለያየ ርእስ ሥር ያስቀምጡታል። ስለዚህ በግዴታው ሥር የተጻፈውን እንደ ምኞት መቁጠር እዚያ አያዋጣም።

«አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ልምድ ልምድ ነው፤ ሁለት ወር ቢጎድል ማን ያያል?»

መዝጋቢው ያያል። በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በብዙ የልማት ድርጅት የሥራ ልምድ የሚቆጠረው አመልካቹ በሚያወራው ሳይሆን በማስረጃው ላይ ከሰፈረው የመጀመሪያ ቀን እስከ መጨረሻው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ሁለት ወር ከጎደለም ጎደለ ነው። እዚህ ላይ ከግል ድርጅቱ የተለየ ንባብ ያስፈልጋል፤ ከሥራው ጋር ያለውን ግንኙነት ሳይሆን በወረቀት መረጋገጥ መቻሉን ማየት ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀውም በዓመቱ ቁጥር ሳይሆን በቁጥሩ ዙሪያ ባሉት ቃላት ነው። «ቀጥተኛ አግባብነት ያለው» ሲባል የመደቡ ስምና የተሠራው ሥራ መቀራረብ አለበት፤ ገንዘብ ያዥ ሆኖ የተሠራ አራት ዓመት ለሂሳብ ባለሙያነት ሙሉ በሙሉ ላይያዝ ይችላል። «ከምረቃ በኋላ» ከተባለ በዲፕሎማ የተሠራው ዘመን ለዲግሪው መደብ አይቆጠርም። ከግል ድርጅት የተገኘ ልምድ «የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ የተረጋገጠ» እንዲሆን የሚጠይቀው መስመር ደግሞ ከሁሉም ጠንካራው ነው፤ ደመወዙ ለግብር ሳይታወቅ በእጅ ሲከፈለው የኖረ ሰው ዓመታቱን ቢሠራም ሊያስመዘግባቸው ይቸገራል።

ስለዚህ ከማመልከት በፊት ማስረጃውን አውጥቶ ቀኑ፣ የመደቡ ስም፣ ደመወዙ፣ ፊርማውና ማኅተሙ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። በማስረጃው ላይ ያለው የዘመን አቆጣጠር የኢትዮጵያ ይሁን የአውሮፓ ተለይቶ ካልተጻፈ መዝጋቢው ሊጠራጠር ይችላል። የቀድሞ አሠሪው ማስረጃ ለመስጠት ካመነታ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት ግዴታው መሆኑን ሠራተኛው ማስታወስ ይችላል። ማስታወቂያዎች ብዙውን ጊዜ የሚቆዩት ለጥቂት የሥራ ቀናት በመሆኑ ይህን ማስረጃ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ መፈለግ ጊዜ ያሳጣል።

«ዋናው የትምህርትና የልምዱ ዓምድ ነው፤ ከታች ያለው ማሳሰቢያ የተለመደ ነገር ነው።»

«ታማኝ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል፣ ጥሩ ተግባቦት ያለው» የመሳሰሉት በየማስታወቂያው የሚደጋገሙ ስለሆኑ ለማመልከት ወይም ላለማመልከት መነሻ ሊሆኑ አይገባም። ማሳሰቢያው ግን የተለየ ነው፤ በደቃቅ ጽሑፍ ቢሰፍርም ድርድር የሌለበት ግዴታ የሚደበቀው እዚያ ነው። ለገንዘብ ያዥ፣ ለንብረት ጠባቂ፣ ለሽያጭ ሠራተኛና ለሾፌር የሚጠየቀው ተያዥ የዚህ ዓይነት ነው። ፈተናውን በአንደኝነት ያለፈ ሰው ደመወዙ የተጠቀሰውን መጠን የሚያሟላ ዋስ ካላቀረበ ሥራውን ላይጀምር ይችላል፤ ስለዚህ ዋስ የሚሆነው ሰው ከማመልከቻው በፊት ቢጠየቅ መልካም ነው። በቴክኒክና ሙያ ደረጃ ለሚቀጠሩት የብቃት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀትም እንዲሁ ነው፤ ደረጃው ከተጠቀሰ ያለ እርሱ ምዝገባ የለም።

«የሥራ ቦታ» የሚለውም መስመር ችላ ይባላል። ዋና መሥሪያ ቤቱ በአዲስ አበባ ያለ ድርጅት ማስታወቂያውን በዋናው አድራሻ አውጥቶ የሥራ ቦታውን ዱከም ወይም ሞጆ ሊያደርገው ይችላል፤ «ሰርቪስ አለው» የሚል ካልተጨመረ የመመላለሻው ወጪ ከደመወዙ ላይ እንደሚወጣ ታስቦ መወሰን አለበት። ደመወዙ «በስምምነት» ከተባለ ደግሞ ይህ ወጪ በቃለ መጠይቁ ጊዜ ለሚጠየቀው መጠን መነሻ ስለሚሆን አስቀድሞ ተሰልቶ መያዝ ይኖርበታል።