ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን የቤት ውስጥ እንክብካቤ፦ የደረት ሙቀትና የተስተካከለ ዕድሜ

ያለጊዜው ተወለደ የሚባለው 37 የእርግዝና ሳምንታት ሳይሞሉት የተወለደ ሕፃን ነው። ከሆስፒታል የሚወጣውም ማሞቂያው ውስጥ መቆየት ስላላስፈለገው እንጂ በጊዜው ከተወለደ ሕፃን ጋር ስለተስተካከለ አይደለም። ነገሩን በምሳሌ ለማየት መስከረም 4 ቀን በ32ኛው ሳምንት 1500 ግራም መዝኖ የተወለደ ወንድ ልጅን እንውሰድ። አራት ሳምንት በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ቆይቶ ጥቅምት 2 ቀን 1800 ግራም ሲሞላ ወደ ቤት ይሄዳል፤ ይሁን እንጂ እናቱ ልትወልደው ትጠብቅ የነበረው ጥቅምት 30 ነው። ቤት በገባ ጊዜ ገና 36 ሳምንቱ ነው ማለት ነው፤ የቀሩትን አራት ሳምንታት የሚጨርሰው ከማኅፀን ውጭ፣ በቤተሰቡ እጅ ነው።

እንዲህ ያለ ሕፃን ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ብርድ ነው። ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ስስ ነው፤ ሰውነቱም ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ገጽ ስላለው ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ሲበርደው ደግሞ ሊያድግበት የሚገባውን ወተት ለማሞቂያ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ እየጠባ ክብደት የማይጨምር ሕፃን ሲገጥም መጀመሪያ የሚመረመረው አንዱ ነገር ሙቀቱ ነው። ጤናማው የብብት ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ቴርሞሜትር በሌለበት ቤት ሆዱንና የእግሩን መዳፍ በእጅ መዳሰስ ይጠቅማል፤ እግሩ ቀዝቅዞ ሆዱ ሞቅ ካለ ብርድ እየጀመረው ነው፣ ሆዱም ከቀዘቀዘ ግን በርዶታል።

ለዚህ የታወቀው መፍትሔ ሕፃኑን ራቁት ደረት ላይ ማዋልና ማሳደር ነው፤ በጤና ተቋሞቻችን የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል። ዘዴው የተጀመረው በ1978 (እ.ኤ.አ.) በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ነው። ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ ማሞቂያ መሣሪያ ባነሰበት፣ ሕፃናት ተጨናንቀው በሚተኙበትና ኢንፌክሽን በበዛበት ሆስፒታል ውስጥ እናቶችን ራሳቸውን ማሞቂያ አደረጓቸው። ስለዚህም ዘዴው ለረጅም ጊዜ የድሃ አገር አማራጭ ተደርጎ ታይቷል፤ ይህ ግምት ግን ስሕተት እንደነበረ ታውቋል። በአዲስ አበባ ከ2000 ግራም በታች በሚመዝኑ ሕፃናት ላይ ተካሂዶ በ2005 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ ቀድመው ደረት ላይ የተያዙት ከሌሎቹ ይልቅ በሕይወት እንደተረፉ አሳይቷል። በ2021 የታተመውና በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተደረገው ሰፊ ጥናት ደግሞ ሕፃናቱ እስኪረጋጉ ሳይጠበቅ ከውልደት ጀምሮ ደረት ላይ መዋላቸው በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚደርሰውን ሞት በሩብ ያህል እንደቀነሰ አረጋገጠ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ምክር ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሁሉ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ ያሳስባል።

አያያዙ ቀላል ቢመስልም ዝርዝሩ ወሳኝ ነው። ሕፃኑ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ለብሶ በእናቱ ጡቶች መካከል ቀጥ ብሎ ይደረጋል፤ ደረቱ ደረቷን፣ ሆዱ የሆዷን የላይኛውን ክፍል ይነካል። እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ተከፍተው ይታጠፋሉ፣ ክንዶቹም እንዲሁ። ጭንቅላቱ ወደ አንድ ጎን ይዞርና አገጩ በጥቂቱ ቀና ይላል። አገጩ ወደ ደረቱ ከተደፋ የመተንፈሻ ቧንቧው ይታጠፋል፤ ወደ ኋላ እጅግ ከተቀለበሰም ቧንቧው ይጠብባል። ከዚያ በነጠላ ወይም በሚለጠጥ ጨርቅ ይታሰራል፤ የጨርቁ የላይኛው ጠርዝ ከጆሮው ሥር ይደርሳል፣ ጠበቅ የሚለውም ደረቱ ላይ ነው። ሆዱ ላይ ግን መላላት አለበት፤ በዚህ ዕድሜ ሕፃን የሚተነፍሰው በሆዱ ነውና። ጋቢ ወይም ሹራብ ከላይ ይደረባል፤ የሕፃኑ ፊት ግን ሁልጊዜ መታየት አለበት።

እናትየዋ እንዲህ አድርጋ ቆማ መሄድ፣ ቁጭ ብላ መሥራትና ማጥባት ትችላለች። የምትተኛው ግን ከወገቧ በላይ በትራስ ተደግፋ ቀና ብላ ነው፤ ተንጋልላ ወይም በጎን ተኝታ ደረቷ ላይ ማሳደር ያሰጋል። ከፍተኛ ድካም ሲይዛት አባት፣ አያት ወይም አክስት በተራ ቢይዙት የእነርሱም ደረት ያው ይሞቃል፤ በአገራችን የአባት ደረት ለዚህ ሲውል ብዙ ባናይም የሚከለክል ምክንያት የለም። ማንም በማይዝበት ሰዓት ሕፃኑ በጀርባው፣ ጠንካራና ደልዳላ ፍራሽ ላይ፣ ፊቱ ሳይሸፈን ይተኛል። አንድ ጊዜ ደረት ላይ ከተደረገ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ በየደቂቃው ማንሳትና ማስቀመጥ ሕፃኑን ያስጨንቀዋል። የሚቆመውም ሕፃኑ ራሱ ሲያመለክት ነው፤ ክብደቱ ወደ 2500 ግራም ሲጠጋ ወይም 40 ሳምንት ሲደርስ መፈራገጥ፣ እጅና እግሩን ከጨርቁ ማውጣትና መነጫነጭ ይጀምራል።

ከሙቀት ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ወተት ነው። መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስ ተቀናጅተው የሚሠሩት ከ34ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ በመሆኑ የኛ ሕፃን በ36 ሳምንቱ ጡት መያዝ ይችላል፤ ነገር ግን ቶሎ ይደክመዋል፣ ሳይጠግብም እንቅልፍ ይወስደዋል። እስኪያለቅስ መጠበቅ አያዋጣም፤ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ እየተቀሰቀሰ ይጠባል። ጡት ላይ ያልበቃው በእጅ በታለበ የእናት ወተት ይሟላል። ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 160 ሚሊ ሊትር ያህል ቢታሰብ፣ 1800 ግራም ለሚመዝነው 288 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል፤ በየሁለት ሰዓቱ ለ12 ጊዜ ሲከፈል በአንድ ጊዜ 24 ሚሊ ሊትር ነው። መጠኑ በሲሪንጅ ይለካና በንጹሕ ሲኒ ይሰጣል። ሕፃኑ ቀና ብሎ ተይዞ የሲኒው አፍ የታችኛውን ከንፈሩን ይነካል፤ ወተቱን በምላሱ እየላሰ ይወስዳል እንጂ አፉ ውስጥ አይፈስስበትም። ካፈሰሱበት ትን ይለዋል፤ ወተቱም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በቂ መሆኑ የሚታወቀው በሚዛን ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በኋላ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ያህል መጨመር ይጠበቃል። ብረትና ቫይታሚን ዲ ሐኪም ባዘዘው መጠን ይሰጡታል፤ የብረት ክምችት በብዛት የሚገባው በእርግዝናው መጨረሻ ወራት ስለሆነ እርሱ ሳይሞላለት ወጥቷል።

ቅቤ ማስዋጥ፣ ስኳር ውሃና የአብሽ ውሃ መስጠት፣ እንጥል ማስቆረጥ በዚህ ሕፃን ላይ ከሌላው የባሰ ጉዳት ያደርሳሉ፤ ሳንባውና አንጀቱ ገና አልጠኑም። ቤቱን ለማሞቅ የተቀጣጠለ ከሰል ወደ ውስጥ ማስገባት ደግሞ በሽታና ጉዳት ላይ የሚጥል ነው፤ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ይወጣበታል። የእጣን ጭስም ይቅርበት። አራስ ጠያቂው እጁን ይታጠብ፣ ጉንፋን የያዘው ደግሞ እስኪሻለው በስልክ ይጠይቅ፤ ይህን መንገር ያሳፍራል ብለው ዝም የሚሉ ቤተሰቦችን ማየት ያሳዝናል።

ለመጥባት እምቢ ማለት ወይም ድንገት መዳከም፣ በደቂቃ ከ60 በላይ መተንፈስ ወይም በሚተነፍስበት ጊዜ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ መግባት፣ ትንፋሽ ለ20 ሰከንድ ያህል መቋረጥ ወይም ከንፈር መጥቆር፣ ደረት ላይ ተይዞም የማይሞቅ ሰውነት፣ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ ወደ እጅና እግር መዳፍ የወረደ ቢጫነት፦ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በመንገድም ደረት ላይ ታስሮ ይሂድ።

ሁለተኛው ጉዳይ የዕድሜ ቆጠራ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ሁለት ዕድሜ አለው፦ አንዱ ከተወለደበት ቀን የሚቆጠረው፣ ሌላው ሊወለድ ይገባ ከነበረበት ቀን የሚቆጠረው የተስተካከለ ዕድሜ። ስሌቱ አጭር ነው፤ ከ40 ሳምንት የተወለደበት ሳምንት ይቀነሳል፣ ቀሪው ከልደት ዕድሜው ላይ ይነሳል። የኛው ሕፃን 8 ሳምንት ማለትም 56 ቀን ቀድሟል። ሚያዝያ 4 ቀን ከተወለደ 7 ወር ይሞላዋል፤ ከዚህ ላይ 56 ቀን ሲነሳ 5 ወር ከ4 ቀን ብቻ ይሆናል። ጎረቤት «የሰባት ወር ልጅ አይቀመጥም እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመለሰው በዚህ ቁጥር ነው፤ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ4 ወር ገደማ እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የሚመጣ ሲሆን ልጁ ገና በመጀመሪያው ላይ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» የሚለው የእርግዝና አቆጣጠር ከሐኪሙ 40 ሳምንት ጋር በመነሻው ይለያያል። የሐኪሙ ቆጠራ የሚጀምረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። ስለዚህ «በሰባት ወሩ ተወለደ» ከማለት ይልቅ በመውጫ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሳምንት መያዝ ይሻላል። ወረቀቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተጻፈ ሁለቱንም ቀናት አብሮ መለወጥ ነው፤ በተለያየ ዘመን አቆጣጠር ላይ የተቀነሰ ቁጥር ያሳስታል።

የተስተካከለው ዕድሜ የሚያገለግለው ለእድገት መለኪያዎች ማለትም አንገቱ ለመጽናቱ፣ ፈገግ ለማለቱ፣ ለመዳሁና «ወፌ ቆመች» ለሚባልበት ቀን፣ እንዲሁም ለክብደትና ቁመት ሰንጠረዥ ነው። ለክትባት ግን አያገለግልም። የስድስት ሳምንቱ ክትባት የሚሰጠው ከተወለደ በ42ኛው ቀን፣ ጥቅምት 16 ነው፤ ሊወለድ ከሚጠበቅበት ቀን ሁለት ሳምንት ቀድሞ ማለት ነው። «ገና አልተወለደም እኮ» ብለው የሚያዘገዩ ወላጆች የትክትክ መከላከያውን በጣም በሚያስፈልገው ጊዜ ያሳጡታል። በውልደት የሚሰጠው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ለትንንሾች በክብደት ምክንያት ሊዘገይ ስለሚችል እርሱን ጤና ባለሙያው ይወስናል።

ይህ ስሌት ሁሉንም መዘግየት የሚሸፍን እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። የሚቀነሰው 8 ሳምንት ነው እንጂ እንደ ፍላጎት የሚጨምር አይደለም። በተስተካከለ ዕድሜው 3 ወር ሆኖት ፈገግ የማይል ወይም ዓይኑን ወደ ፊት የማያሳርፍ፣ በ9 ወሩ ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ፣ በ18 ወሩ ብቻውን የማይራመድ ልጅ መመርመር አለበት። ከዚህ ቀድሞ የሚታዩም አሉ፤ አንድ እጁን ሁልጊዜ ጨብጦ መያዝ፣ ከ12 ወር በፊት አንዱን እጅ ብቻ መጠቀም፣ ሲያነሱት እግሮቹ ደርቀው መቀስ እንደሚመስል መጠላለፍ በምንም ዓይነት ቆጠራ አይገለጹም። ከ32 ሳምንት ቀድመው ወይም ከ1500 ግራም በታች ለተወለዱት ደግሞ የዓይን ምርመራ ከተወለዱ በአራተኛው ሳምንት ገደማ ይደረጋል፤ የዓይን ውስጠኛ ሽፋን የደም ሥሮች ያለሥርዓት ማደግ ከጀመሩ ሕክምናው የሚረዳው በቀናት ውስጥ ሲደረስ ነው።

ቅነሳው በአብዛኛው የሚቆመው በሁለት ዓመቱ ነው፤ ያን ጊዜ ከ24 ወር ላይ ሁለት ወር መነሳቱ ልጁ ከእኩዮቹ ጋር ሲታይ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ከ28 ሳምንት በፊት ለተወለዱ ግን አንዳንድ ሐኪሞች እስከ ሦስት ዓመት ይቀጥሉበታል።