ዘገባ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሲነሣ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 2023 ሮይተርስ አፒን ስለተባለ የሕንድ ኩባንያ ረጅም የምርመራ ዘገባ አወጣ። ኩባንያው ለከፈለው ሁሉ የሰው ኢሜይል ሰብሮ ይገባ ነበር ይላል ዘገባው፤ መሥራቹ በጠበቆቻቸው በኩል አስተባብለዋል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ዘገባው ተነሥቶ በቦታው አጭር የአርታኢ ማስታወሻ ተተካ።

«ከተነሣማ ውሸት ነበር ማለት ነው»

ዘገባውን ያስነሣው የኒው ዴልሂ የወረዳ ፍርድ ቤት ዲሴምበር 4 የሰጠው ጊዜያዊ እግድ ነው። እንዲህ ያለው እግድ የሚሰጠው ክርክሩ አልቆ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ነው። በሕንድ ሕግ ዳኛው በዚህ ደረጃ የሚመዝነው ሦስት ነገር ነው፦ ከሳሹ ገና ሲታይ የሚያስኬድ ጉዳይ ይዟል ወይ? እግዱ ቢሰጥ ወይም ቢቀር ይበልጥ የሚጎዳው የትኛው ወገን ነው? ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ በካሣ ሊጠገን ይችላል? የዘገባው እውነትነት የሚለየው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ማስረጃ ተሰምቶ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ክሱ የተመሠረተው በኖቬምበር 2022 ነው፤ ጽሑፉ ከመታተሙ አንድ ዓመት አስቀድሞ ማለት ነው። ከሳሹም በአፒን ስም የሚጠሩ የማሠልጠኛ ማዕከላት ማኅበር ነበር።

«ማስታወሻው አጭር የሆነው የሚደብቁት ስላለ ነው»

እግድ የተጣለበት አርታኢ የታገደውን ነገር በማስታወሻው ውስጥ መልሶ ከተረከ ትዕዛዙን ጣሰ ሊባል ይችላል። ስለዚህ ቃላቱ ተመዝነው ይጻፋሉ፤ አንባቢም መዝኖ ሊያነባቸው ይገባል። የሮይተርስ ማስታወሻ የትዕዛዙን ቀንና የፍርድ ቤቱን ቦታ ጠቅሷል፣ ጽሑፉ የተነሣው «ለጊዜው» መሆኑን ገልጿል፣ በዘገባው እንደሚጸናና ይግባኝ ሊጠይቅ እንዳሰበም ተናግሯል። ስሕተት ተገኝቶበት የተሻረ ዘገባ ማስታወሻ ግን ስሕተቱ ምን እንደሆነ ይናገራል፤ «እንጸናለን» የሚል ቃል አይኖረውም። ለእኔ ዋናው መለያ ይህ ነው። የትዕዛዙን ምንጭም ሆነ የአዘጋጁን አቋም የማይገልጽ ማስታወሻ ሲገጥመኝ ግን ከየትኛው ወገን ልመድበው እቸገራለሁ።

«አንዴ ከወረደ አበቃለት»

ኦክቶበር 3 ቀን 2024 የዴልሂው ፍርድ ቤት እግዱን አነሣ። ከሳሹ በጋዜጠኝነት ሥራ ጣልቃ ለመግባት የሚያበቃ ጉዳይ ገና ሲታይ እንኳ አላሳየም አለ። ዘገባውም በዚያው ወር ተመልሶ ወጣ። ዐሥር ወር ግን ቀላል ጊዜ አይደለም፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንባቢ በሮይተርስ ገጽ ላይ ያገኘው ማስታወሻውን ብቻ ነበር።