ጽሑፌ የማሽን ይመስላል ተባልኩ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዲቴክተሩ ‹ኤአይ ነው› ካለ አንድ ያወቀው ነገር አለ»

ግምት ነው። ብዙ ዲቴክተሮች፣ ማለትም ጽሑፍን ሰው ጻፈው ወይስ ኤአይ የሚለዩ ፕሮግራሞች፣ የሚያዩት በተለይ ሁለት ነገር ነው። ቀጣዩ ቃል ምን ያህል ቀድሞ ይገመታል? ዓረፍተ ነገሮቹስ በርዝመትና በአወቃቀር ይለያያሉ ወይስ ሁሉም አንድ ልክ ናቸው? ቃሉ የሚጠበቅ፣ ዓረፍተ ነገሩም እኩል እኩል ከሆነ «ማሽን» ይላል። ማን ቁጭ ብሎ እንደጻፈው ግን አላየም።

ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የራሱን መለያ አውጥቶ ነበር። በራሱ ሙከራ፣ በኤአይ ከተጻፈው የያዘው 26 በመቶውን ብቻ ነው። ሰው ከጻፈው ደግሞ 9 በመቶውን በስህተት ኤአይ ብሎታል። ስድስት ወር ሳይሞላው፣ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ አነሳው። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል የእንግሊዝኛ ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ለሰባት ዲቴክተሮች ሰጡ። በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኤአይ ተባሉ። በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው እርግጠኛ የሆነባቸውን ቃላትና የተማረውን የዓረፍተ ነገር ቅርጽ ነው የሚጠቀመው። ማሽኑ የሚቀጣውም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ዲቴክተሩ ለሚሰጠው መቶኛ ብላችሁ አትጻፉ። ነገር ግን ዲቴክተሩን የሚያሳስተው ነገር፣ ማለትም ማንም ሊጽፈው የሚችል ዓረፍተ ነገር፣ ሰው አንባቢንም ያሰለቻል። መታረም ያለበት ለዚያ ነው።

«ከበድ ከበድ ያሉ ቃላት ካስገባሁ የራሴ ይመስላል»

ለትምህርት ዕድል የሚያመለክት ተማሪ እንዲህ ጻፈ እንበል፦

«በበጎ ፈቃድ ሒሳብ ማስጠናቴ ትዕግስትን፣ የመግባባት ክህሎትንና ኃላፊነትን አስተምሮኛል።»

«ትዕግስት» የሚለውን «ጽናት»፣ «ክህሎት» የሚለውን «ብቃት» ብትሉት ምን ተለወጠ? ያው ሰው ከረባት ቀይሮ መጣ። ችግሩ ያለው ከቃሉ በታች ነው። ስሙን ሸፍናችሁ፣ ከአመልካቾቹ ስንቱ ይህን ዓረፍተ ነገር የኔ ነው ብሎ ሊፈርምበት እንደሚችል ጠይቁ። እዚህ ላይ አንድም ሰው ያስጠና ሁሉ ይፈርማል። ያላስጠናም ይፈርማል!

«እሺ፣ ዝርዝር ልጨምርበት፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር»

ብዙ ሰው የሚቆመው እዚህ ነው። ተማሪው ምክሩን ሰምቶ አስተካከለው፦

«በየሳምንቱ ማክሰኞና ሐሙስ ለ14 ተማሪዎች ሒሳብ አስጠና ነበር። ከዚህም ትዕግስትን ተማርኩ።»

ማክሰኞን በሰኞ፣ 14ን በ20 ቀይሩት። ድምዳሜው ንቅንቅ አይልም። ዝርዝሩ እንግዲህ ለጌጥ ነው የገባው ማለት ነው። የሚሠራ ዝርዝር፣ ሲወጣ ድምዳሜውን ይዞት ይወድቃል።

እንዲህ ያለውን ለማግኘት «ምን ተማርኩ?» ብሎ መጀመር አያዋጣም፤ መልሱ ሁልጊዜ ትዕግስት ነው። ይልቅ፣ እንደጠበቅሁት ያልሄደው የቱ ጋ ነበር? መጀመሪያ ምን አደረግሁ? ለምን አልሠራም? ከዚያስ ምን ቀየርኩ? በሉ። ተማሪው በእነዚህ ጥያቄዎች ሲሄድ ይህን አገኘ፦

«አንድ ልጅ 1/3 ከ1/2 ይበልጣል አለኝ። ደንቡን ነገርኩት። ጻፈው፤ በማግስቱ ግን ያንኑ ደገመ። ደንቡን መንገር ትቼ ‹ለምን ይመስልሃል?› አልኩት። ‹3 ከ2 ስለሚበልጥ ነዋ› አለኝ። ለካ ክፍልፋዩን እንደ አንድ ቁጥር አያየውም፤ የታችኛውን ብቻ ነው የሚያነበው። ሁለት እኩል ወረቀት ወስደን አንዱን ለሁለት፣ ሌላውን ለሦስት አጠፍን። አሁን የተሳሳተ መልስ ሳይ፣ ከማረሜ በፊት ከየት እንደመጣ እጠይቃለሁ።»

እዚህ ውስጥ «ትዕግስት» የለም፤ አንባቢው ግን ራሱ ይደርስበታል። ያልሠራው ሙከራ፣ ማለትም ደንቡን መንገሩ፣ አልተደበቀም። እሱ ቢወጣ ጥያቄው ለምን እንደመጣ አይገባም ነበር። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ «3 ከ2 ስለሚበልጥ» ካለው መልስ ነው የተወለደው። የልጁን መልስ ከሰረዛችሁት ድምዳሜው መሠረት ያጣል። የዓረፍተ ነገሮቹን ርዝመትም እዩት። «ጻፈው» አንድ ቃል ነው፤ ስለ ወረቀቱ የሚያወራው ረጅም ነው። ይህን ማንም አላቀደውም፤ ታሪኩ ራሱ አመጣው።

ዋጋ ግን አለው። አንድ መስመር የነበረው አንድ አንቀጽ ሆኗል። የተፈቀደላችሁ 300 ቃል ከሆነ፣ ከሦስቱ በጎ ባሕርያት ሁለቱን ጣሏቸው። አንዱን ጉዳይ ሙሉ አድርጎ መንገር ይሻላል።

«እንዲህ ያለ ታሪክ ኤአይም ይፈጥራል»

አዎ፣ ይፈጥራል። ሰውም ይፈጥራል። ልዩነቱ ቀጣዩ ጥያቄ ላይ ይወጣል፦ «ወረቀቱን ካጠፋችሁ በኋላ ልጁ ምን አለ?» የነበረበት ሰው ወዲያው ይመልሳል፤ ምናልባትም ካልተጠየቀው ሁሉ ይጨምራል። ያልነበረበት ይንተባተባል። ስለዚህ ታሪክ ከሌላችሁ አትፍጠሩ። ሌላ፣ አነስ ያለ ግን የሆነ ነገር ፈልጉ።

«የራስ ድምፅ ማለት ቀልድና የአፍ ወሬ ነው»

የቤተ ሙከራ ዘገባ ላይ መቀለድ አይቻልም። «ሦስተኛውን ልኬት ያልቆጠርኩት ቴርሞሜትሩ የዕቃውን ግድግዳ ነክቶ ስለነበር ነው» ማለት ግን ይቻላል፤ ድምፅ ማለት ይህ ነው። ምን መረጣችሁ? ምን ጣላችሁ? የቱ ላይ እርግጠኛ ናችሁ፣ የቱ ላይ ትጠራጠራላችሁ?

ከጠፋችሁ፣ ረቂቁን ዘግታችሁ ጉዳዩን ለጓደኛ በድምፅ መልእክት ንገሩት። ከዚያ መልሳችሁ አድምጡት። በቃል መጀመሪያ ያላችሁት ነገር ረቂቁ ላይ አራተኛው አንቀጽ ውስጥ ተቀብሮ ታገኙታላችሁ። ወደ ላይ አምጡት።

«ሆን ብዬ ፊደል ብሳሳት ያልፋል»

አንባቢ ግድየለሽ ነው ይላችኋል፤ በቃ። «ጽሑፍን ሰውኛ እናደርጋለን» የሚሉት መሣሪያዎችም ቃል እየቀያየሩ የሙያ ቃሉን ያበላሹባችኋል።

«እንዲህ ከጻፍኩ ማንም አይጠረጥረኝም»

ዋስትና የለም። በተለይ ጽሑፉ አጭር ሲሆን ግምቱ ይብሳል። ኦፕንኤአይ የራሱን መለያ ሲያወጣ፣ ከ1,000 ፊደል በታች ለሆነ ጽሑፍ በጣም የማይታመን ነው ብሎ አስጠንቅቆ ነበር።

የሚያድናችሁ የሥራችሁ ዱካ ነው። ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ለውጥን በሚመዘግብ ፕሮግራም ላይ ጻፉ። ጉግል ዶክስ ላይ `File` ውስጥ `Version history` የሚለው ይህን ያሳያል። ሌላ ቦታ ጨርሳችሁ በመጨረሻ ከለጠፋችሁት ግን መዝገቡ የሚያሳየው አንድ ትልቅ ልጣፍ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ጥርጣሬውን ያባብሰዋል። የተዋችሁትን ረቂቅና ማስታወሻችሁንም አትሰርዙ። ከተጠየቃችሁ ስለ ዲቴክተሩ አትከራከሩ። ረቂቆቹን በቅደም ተከተል አቅርቡ፤ ከዚያ የ1/3ን ታሪክ ለምን እንደመረጣችሁና ለእሱ ስትሉ ምን እንደቆረጣችሁ በቃል ለማስረዳት ቀጠሮ ጠይቁ።