የውሻ ሌፕቶስፓይሮሲስ፦ ኩላሊትና ጉበት በአንድ ላይ ሲጎዱ

ሌፕቶስፓይሮሲስ ሌፕቶስፓይራ የተባለ ቀጭንና ጠምዛዛ ባክቴሪያ የሚያመጣው፣ ከእንስሳ ወደ ሰውም የሚተላለፍ በሽታ ነው። ባክቴሪያው በአይጥ ኩላሊት ውስጥ አይጧን ሳያሳምም ይኖራል፤ በሽንቷም ይወጣል። ደረቅ መሬት ላይ ቶሎ ይሞታል፤ በረጋ ውኃና በእርጥብ አፈር ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። በመሃል አዲስ አበባ ክረምት ሲገባ የቀበናና የግንፍሌ ወንዞች ይሞላሉ፣ የፒያሳና የአራት ኪሎ አሮጌ ሰፈሮች ቦይ ይደፈናል፣ አይጡም ወደ ግቢ ይሸሻል። ግቢ ጠባቂው ውሻ ከኩሬ ሲጠጣ፣ ወይም የተቧጠጠ እግሩን ጭቃ ውስጥ ሲያስገባ ባክቴሪያው በአፍ፣ በዓይን ወይም በቁስል በኩል ይገባል።

ብዙውን ጊዜ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ውሻው ይተኩሳል፣ ምግብ ይተዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ወገቡን ሲነኩት ያመዋል። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠረጥረው «መርዝ በልቶ ነው» የሚለውን ነው፤ በመሃል ከተማ ይህ ጥርጣሬ መሠረት የለውም ማለትም አይቻልም። ይሁንና የአይጥ መርዝ በአብዛኛው ደም ያፈሳል እንጂ ትኩሳት አምጥቶ ከቀናት በኋላ ዓይንን ቢጫ አያደርግም።

ባክቴሪያው ከደም ወደ ኩላሊት ቱቦዎች ይገባና እዚያ ይራባል። የቱቦው ግድግዳ ሲያብጥ ኩላሊቱ ሽንትን ማወፈር ያቅተዋል፤ ስለዚህ ውሻው በመጀመሪያ ብዙ ይጠጣል፣ ብዙም ይሸናል። ሲብስ ሽንቱ ይቀንሳል ወይም ይቆማል። በጉበት ላይ ያለው ነገር ይለያል። የጉበት ሴሎች በጅምላ አይሞቱም፤ እርስ በርስ የተያያዙበት መገጣጠሚያ ስለሚላላ ሐሞት ወደ ደም ይመለሳል። የወፍ በሽታ የምንለው ቢጫነት በብዛት ከኩላሊቱ ጉዳት ጥቂት ቀናት ዘግይቶ የሚታየው፣ ጉበቱ ያገገመ ውሻም ወደ ፊት እምብዛም የማይቸገረው በዚህ ምክንያት ነው። ዕድሜ ልክ የሚከተለው ጠባሳ የሚቀረው ኩላሊት ላይ ነው።

ለማሳያ ያልተከተበ 25 ኪሎ የሚመዝን ውሻ እንውሰድ። ካመመው አራተኛ ቀኑ ነው። ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ቆሻሻ፣ ክሬቲኒን፣ በዴሲሊትር 4.8 ሚሊግራም ነው፤ የጤነኛ ውሻ ከ1.5 ብዙም አያልፍም። ቢጫ የሚያደርገው የሐሞት ቀለም፣ ቢሊሩቢን፣ 3.9 ሲሆን ሐሞት ሲታገድ የሚጨምረው አልካላይን ፎስፋቴዝ የጉበት ሴል ሲሞት ከሚጨምረው ኤኤልቲ ይበልጥ ከፍ ብሏል፤ ይህም ጉዳቱ የሴል ሞት ሳይሆን የሐሞት መታገድ መሆኑን ይጠቁማል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ወርዶ 70 ሺህ ሆኗል። የሽንቱ ክብደት ከውኃ ጋር ሲነጻጸር 1.012 ላይ ቆሟል፣ ማለትም አልወፈረም፤ ደሙ ውስጥ ስኳር ሳይበዛ ሽንቱ ውስጥ ስኳር ተገኝቷል፤ የተጎዳው የቱቦው መነሻ ክፍል መሆኑን የሚያሳየው ይህ ነው። በመዥገር የሚተላለፈው ባቤሲያም ውሻን ቢጫ ሊያደርግ ይችላል፤ እሱ ግን ቀይ የደም ሴሎችን ስለሚያፈርስ ከሁሉ በፊት የሚጎላው የደም ማነስ ነው።

መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ፀረ ርጋት በሌለው ቱቦ ደም ተወስዶ እስኪረጋ ይጠበቅና ከረጋው ደም የሚለየው ፈሳሽ፣ ሴረሙ፣ በቅዝቃዜ ይቀመጣል። በዚህ ሴረም የሚሠራው ማይክሮስኮፒክ አግሉቲኔሽን ቴስት፣ በአጭሩ ማት፣ ዛሬም ዋነኛው የማረጋገጫ መንገድ ነው። ሴረሙ ከ1፡100 ጀምሮ በየደረጃው በእጥፍ ይቀጥናል፤ 1፡200፣ 1፡400 እያለ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ላይ በሕይወት ያሉ የሌፕቶስፓይራ ዝርያዎች ለየብቻ ይጨመራሉ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ሞቅ ባለ ቦታ ከቆየ በኋላ በጨለማ ሜዳ ማይክሮስኮፕ ይታያል። ሴረሙ ውስጥ አንቲቦዲ ካለ ባክቴሪያዎቹ ይጓጎላሉ። ግማሾቹ የተጓጎሉበት የመጨረሻው ቅጥነት «ታይተር» ይባላል። ሕያው ባክቴሪያ ማርባት፣ የሰለጠነ ዓይንና ጥንቃቄ ስለሚጠይቅ በየክሊኒኩ የሚሠራ ምርመራ አይደለም።

የእኛው ውሻ ታይተር በአምስተኛው ቀን ኦቱምናሊስ ለተባለው የሌፕቶስፓይራ ዝርያ 1፡200፣ ኢክቴሮሄሞራጂኤ ለተባለው 1፡100 ሆነ እንበል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ይሠራል። አንደኛው «ዝቅተኛ ነው፣ በሽታው የለም» ማለት ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት አንቲቦዲ ገና ስለማይደርስ ውጤቱ ጨርሶ ኔጌቲቭ ሊሆንም ይችላል። ሁለተኛው ከፍ ያለውን ዝርያ በሽታ አምጪ አድርጎ መውሰድ ነው። መጀመሪያ ላይ አንቲቦዲው ከሌሎች ዝርያዎች ጋርም ስለሚጣበቅ ኦቱምናሊስ በከንቱ ሊጎላ ይችላል። ከ10 ቀን በኋላ ሁለተኛ ደም ተወስዶ ኢክቴሮሄሞራጂኤ 1፡1600፣ ኦቱምናሊስ 1፡400 ቢወጣ ነገሩ ይጠራል። በሁለቱ ናሙናዎች መካከል አራት እጥፍ፣ ማለትም ሁለት ደረጃ፣ ከጨመረ በሽታው ተረጋግጧል፤ እዚህ 16 እጥፍ ጨምሯል። ይህ ዝርያ በተለይ የአይጥ ነው።

የተከተበ ውሻ ከሆነ ግን 1፡800 ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ክትባቱም ያንን ያህል ሊያወጣ ይችላል። ሁለተኛው ናሙና እዚያው 1፡800 ላይ ከቆመ የክትባት አሻራ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የክትባት ካርዱ ከሴረሙ ጋር አብሮ ይላክ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የባክቴሪያውን ዘረመል በደም፣ ቆይቶም በሽንት የሚፈልገው ፒሲአር በተጓዳኝ ይረዳል።

ሕክምናው ውጤት አይጠብቅም። ለሚያስመልስ ውሻ አምፒሲሊን በኪሎ 20 ሚሊግራም፣ ለዚህኛው 500 ሚሊግራም፣ በየ6 ሰዓቱ በደም ሥር ይጀመራል፤ ኩላሊቱ ክፉኛ ከደከመ ልዩነቱ ይራዘማል። መብላት ሲችል ዶክሲሳይክሊን በኪሎ 5 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ለሁለት ሳምንት ከምግብ ጋር ይሰጣል። ፔኒሲሊን ነክ መድኃኒት ደሙን ያጸዳል፤ ኩላሊት ውስጥ የተደበቀውን የሚያስወጣው ግን ዶክሲሳይክሊን ነው። በሀገራችን የእንስሳት ሕክምና እጅ የማይጠፋው ፔንስትሬፕ እዚህ ላይ አደገኛ ነው፤ ውስጡ ያለው ስትሬፕቶማይሲን፣ እንደ ጄንታማይሲን ሁሉ፣ የተጎዳውን ቱቦ ይበልጥ ይጎዳዋል።

ባለቤቶች «ግሉኮስ ስጡት» ሲሉ የሚያስፈልገው በእርግጥ በደም ሥር የሚሰጠው ጨው አዘል ፈሳሽ፣ ሪንገር ላክቴት፣ ነው። የውሻው የጎደለ ውኃ ከተሟላ በኋላ ሽንት ይለካ፤ ይህ ውሻ በሰዓት ከ12 ሚሊሊትር በታች ከሸና ፈሳሹን መቀጠል ሳንባውን ያጥለቀልቀዋል። የሚሸናበት ቦታ በጓንት ተጠርጎ አንድ እጅ በረኪና ለአሥር እጅ ውኃ ይፈስበት፤ በውኃ ግፊት ማጠብ ሽንቱን በትኖ ወደ ሰው ዓይን ያደርሰዋል።

የክትባቱ መከላከያ በውስጡ ባሉት ዝርያዎች የተወሰነ ነው። በጠርሙሱ ላይ «ኤል 2» ያለው ካኒኮላንና ኢክቴሮሄሞራጂኤን ብቻ ይይዛል፤ «ኤል 4» ሁለት ተጨማሪ ዝርያዎች አሉት። የተለመደው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ ለዚህ ምንም አይሠራም። ሌላው ስህተት ጠርሙሱ ላይ ነው፦ በብዙ አሠራሮች የዲስቴምፐርና የፓርቮ ክትባት ደረቅ ዱቄት ሆኖ ይመጣና ማሟሚያ ፈሳሹ ራሱ የሌፕቶ ክትባት ነው። ፈሳሹን ጥሎ በተጣራ ውኃ ያሟሟ ሰው ካርዱ ላይ «ሌፕቶ» ብሎ ቢጽፍም ውሻው አልተከተበም።

ቡችላ ከ8 ሳምንት ጀምሮ፣ አዋቂም ቢሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በሚራራቁ ሁለት መርፌዎች ይከተባል፤ አንዱ መርፌ ብቻውን አይበቃም። መከላከያው እንደ ዲስቴምፐር ለዓመታት ስለማይቆይ በየዓመቱ ይታደሳል። ለአዲስ አበባ የሚመቸው የመጀመሪያውን በሚያዝያ አጋማሽ፣ ሁለተኛውን ከሦስት ሳምንት በኋላ መስጠት ነው፤ ያኔ የሰኔ ዝናብ ሲጀምር አንቲቦዲው ደርሷል።